የደመወዝ ግብር ስሌት፦ ከተደራረበ IF ወደ አንድ ሠንጠረዥ

የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው ወርሃዊ ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ ሰባት የነበሩት እርከኖችም ስድስት ሆኑ። ፔሮላቸውን በኤክሴል የሚሠሩ የሒሳብ ባለሙያዎች የለመዱትን ፎርሙላ መቀየር ግድ ሆነባቸው። በብዙ ቢሮዎች የሚሠራበት ፎርሙላ በአዲሱ ምጣኔ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```
=IF(B2<=2000,0,IF(B2<=4000,B2*15%-300,
IF(B2<=7000,B2*20%-500,IF(B2<=10000,B2*25%-850,
IF(B2<=14000,B2*30%-1350,B2*35%-2050)))))
```

ውጤቱ ትክክል ነው። ችግሩ የሕጉ ቁጥሮች በሙሉ ፎርሙላው ውስጥ መቀበራቸው ነው። አንዱ ተቀናሽ 850 መሆኑ ቀርቶ 580 ተብሎ ቢጻፍ ኤክሴል ምንም አይልም፤ ስህተቱም የሚነካው ከ7,000 እስከ 10,000 ብር የሚያገኙትን ብቻ ስለሆነ ቶሎ አይታይም።

መፍትሔው ከግብሩ ከራሱ ጠባይ ይገኛል። ብዙ ሠራተኛ ደመወዙ ወደ ላይኛው እርከን ሲሻገር ገንዘቡ በሙሉ በከፍተኛው ምጣኔ የሚቆረጥ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። 14,000 ብር የሚያገኝ ሰው ግብሩ 2,850 ብር ነው። 100 ብር ቢጨመርለት 35 በመቶ የሚታሰበው በዚያችው 100 ብር ላይ ብቻ ነው፤ ግብሩ 2,885 ይሆንና 65 ብሩ እጁ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ እያንዳንዱን እርከን እንደ ጭማሪ ማየት ይቻላል። ከ2,000 በላይ ባለው ገንዘብ ሁሉ ላይ 15 በመቶ ይታሰባል። ከ4,000 በላይ ባለው ላይ ሌላ 5 በመቶ ይታከልበትና ድምሩ 20 ይሆናል። በ7,000፣ በ10,000 እና በ14,000 ላይም እንዲሁ አምስት አምስት በመቶ ይጨመራል።

በኤክሴል ገጹ ላይ ከF2 እስከ F6 አምስቱ መነሻዎች፣ ከG2 እስከ G6 ደግሞ ጭማሪዎቹ ይጻፋሉ፦ 15%፣ 5%፣ 5%፣ 5%፣ 5%። ደመወዙ B2 ላይ ካለ ፎርሙላው ይህ ብቻ ነው፦

```
=SUMPRODUCT((B2>$F$2:$F$6)*(B2-$F$2:$F$6)*$G$2:$G$6)
```

የመጀመሪያው ቅንፍ ደመወዙ መነሻውን ማለፉን ይጠይቃል፤ ካለፈ 1፣ ካላለፈ 0 ሆኖ ይባዛል። ሁለተኛው ከመነሻው በላይ ያለውን ትርፍ ያወጣል። ሦስተኛው ጭማሪው ምጣኔ ነው። SUMPRODUCT አምስቱን ብዜቶች ይደምራል።

12,500 ብር ለሚከፈለው ሠራተኛ እንሞክረው። ከ2,000 በላይ ያለው 10,500 ብር በ15 በመቶ 1,575 ይሆናል። ከ4,000 በላይ ያለው 8,500 በ5 በመቶ 425፣ ከ7,000 በላይ ያለው 5,500 ደግሞ 275፣ ከ10,000 በላይ ያለው 2,500 ደግሞ 125 ይሰጣል። 14,000ን ስላላለፈ የመጨረሻው ዜሮ ነው። ድምሩ 2,400 ብር። በተለመደው መንገድ ሲፈተሽም 12,500 በ30 በመቶ 3,750 ይሆናል፤ 1,350 ሲቀነስለት ያው 2,400 ይመጣል።

ይህኛውም ፎርሙላ የራሱ ወጥመድ አለው። የዶላር ምልክቶቹ ከተረሱ የመጀመሪያው ሠራተኛ ግብር ትክክል ይወጣል፤ ፎርሙላው ወደ ታች ሲጎተት ግን ሠንጠረዡም አብሮ ይወርዳል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የ2,000 መነሻ ከስሌቱ ይወጣና የዚያው 12,500 ብር ግብር 825 ብቻ ይሆናል። የስህተት መልእክት አይመጣም።

ሌላው ከሌላ ሰነድ ተገልብጦ የመጣ ቁጥር ነው። 4000 ሴሉ ውስጥ እንደ ጽሑፍ ከተቀመጠ ኤክሴል ጽሑፍን ከማንኛውም ቁጥር ስለሚያስበልጥ ደመወዙ መነሻውን እንዳላለፈ ይቆጥረዋል፤ የዚያ እርከን 425 ብርም ከድምሩ ይጎድላል። እንዲህ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በሴሉ ግራ ጠርዝ ተጠግቶ ይታያል፤ =ISNUMBER(F3) ሲጠየቅም FALSE ይላል። የጭማሪዎቹ ድምርም ሁልጊዜ ከከፍተኛው ምጣኔ ከ35 በመቶ ጋር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ከጭማሪዎቹ አንዱ ተሳስቷል፤ ምናልባትም በጭማሪው ፋንታ ሙሉው ምጣኔ ተጽፏል።

ፎርሙላው የትኛው አበል ግብር እንደሚከፈልበት አያውቅም፤ B2 ላይ የሚገባው ግብር የሚታሰብበት ገቢ ተለይቶ ነው። ሕግ ሲቀየርም አሮጌውን ሠንጠረዥ ማጥፋት አይገባም። ከማሻሻያው በፊት የነበረ ወር እንደገና ሲመረመር የ12,500 ብር ግብር 2,875 መውጣት አለበት፤ ያንን የሚሰጠው ደግሞ በ600 የሚጀምረው የቀድሞው ሠንጠረዥ ነው።