የሴት ብልት ፈሳሽ ሦስት ዋና ዋና መንስኤዎች ንጽጽር፦ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ፣ ካንዲዲያሲስ እና ትሪኮሞኒያሲስ

በመውለጃ የዕድሜ ክልል የሚገኙ ሴቶችን ወደ ጤና ተቋም ከሚያመጡ ቅሬታዎች አንዱ ከተለመደው የተለየ የብልት ፈሳሽ ነው። ከዚህ ቅሬታ ጀርባ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ሕመሞች አንዱ ይገኛል። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የተፈጥሮ ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባት ነው፤ ካንዲዲያሲስ በፈንገስ ይመጣል፤ ትሪኮሞኒያሲስ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያስከትለው ሕመም ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ሦስቱን በፈሳሹ መልክ ይለያሉ፦ ግራጫማና የዓሣ ሽታ ያለው የመጀመሪያው፣ እንደ አይብ የረጋ ነጭ ሁለተኛው፣ አረፋማና ቢጫ አረንጓዴ ሦስተኛው። በተግባር ግን መልክ ብቻውን አስተማማኝ መለያ አይደለም። ብዙ ታካሚዎች የተጠቀሰውን መልክ አያሳዩም፤ ከአንድ በላይ መንስኤ በአንድ ጊዜ የሚገኝባቸውም አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አሲዳማነትን መለካት፣ የሽታ ምርመራና የማይክሮስኮፕ ምርመራ ሦስቱን ሕመሞች እንዴት እንደሚለዩ፣ ልዩነቱም በሕክምናው ርዝመትና በወሲብ ጓደኛ ሕክምና ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ማሳየት ነው።

የመጀመሪያው መለያ፦ አሲዳማነት

ጤናማ ብልት ውስጥ በብዛት የሚገኙት ላክቶባሲለስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህ በብልት ግድግዳ ሕዋሳት ውስጥ ከተከማቸው ግላይኮጅን የሚገኘውን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ስለሚለውጡ የብልቱ ፒኤች አብዛኛውን ጊዜ ከ3.8 እስከ 4.5 ባለው ክልል ውስጥ ይቆያል። በባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ጊዜ ላክቶባሲለስ ይመናመንና ጋርድኔሬላ ቫጂናሊስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች እንዲሁም ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ሌሎች ዝርያዎች ቦታውን ይይዛሉ፤ በዚህም ፒኤች ከ4.5 በላይ ይወጣል። በትሪኮሞኒያሲስም እንዲሁ ከፍ ይላል፤ ብዙ ጊዜም ከ5 ያልፋል። ካንዲዳ ግን በተለመደው አሲዳማ አካባቢ ውስጥ ማደግ ስለሚችል ፒኤችን አያዛባም። ስለዚህ የፒኤች ወረቀት ውጤት የመጀመሪያው መለያ መንገድ ነው፦ 4.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ካንዲዲያሲስ ያደላል፤ ከ4.5 በላይ ከሆነ ከቀሪዎቹ ሁለት ወደ አንዱ ወይም ወደ ሁለቱም ያመለክታል።

ውጤቱን የሚያሳስቱ ሁኔታዎች ግን አሉ። ናሙናው መወሰድ ያለበት ከብልት የጎን ግድግዳ ነው። ከማህፀን በር የሚወጣው ንፍጥ በተፈጥሮው አሲዳማነቱ አነስተኛ በመሆኑ ናሙናው ከእርሱ ጋር ከተቀላቀለ ፒኤችን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ደምና የዘር ፈሳሽም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው። ካረጡ ሴቶች ዘንድ ደግሞ የኤስትሮጅን መቀነስ ብቻውን ፒኤችን ከፍ ስለሚያደርግ መለኪያው የመለየት ኃይሉን ያጣል።

ሁለት ስላይዶች፣ ሁለት ጥያቄዎች

ቀጣዩ እርምጃ ፈሳሹን በሁለት ስላይዶች ላይ ማድረግ ነው። በአንደኛው ላይ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ፣ በሌላው ላይ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨመራል። ስላይዶቹ የሚለያዩት ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሕዋሳትን ስለሚያሟሟ ነው። ይህ ፈንገስን ለማየት ቢጠቅምም የትሪኮሞናስንና የብልት ሽፋን ሕዋሳትን ምልክት ያጠፋል።

በጨው ውሃው ስላይድ ላይ በቅድሚያ የሚፈለገው ትሪኮሞናስ ቫጂናሊስ ነው። ተሕዋሱ የሚታወቀው በጅራፍ መሰል አካሎቹ እየተርገበገበ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው፤ እንቅስቃሴው ሲቆም ከነጭ የደም ሕዋስ ለመለየት አስቸጋሪ ይሆናል። ስለዚህ ስላይዱ ናሙናው ከተወሰደ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ መታየት አለበት። ናሙናው ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ተልኮ ወይም ተራ እየጠበቀ ከቀዘቀዘ ተሕዋሱ እያለ «አልተገኘም» የሚል ውጤት ይወጣል። በወቅቱ ቢታይ እንኳ ይህ ምርመራ በሽታው ካለባቸው ሴቶች መካከል የሚያገኘው ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑትን ብቻ ነው። የተሕዋሱን የዘር ቅንጣት የሚፈልጉ የሞለኪውል ምርመራዎች እጅግ የላቀ አቅም ቢኖራቸውም ዋጋቸውና መሣሪያቸው ተደራሽነታቸውን ይገድበዋል። በማህፀን በር ላይ እንደ እንጆሪ የሚታዩ ቀያይ ነጠብጣቦች ለትሪኮሞኒያሲስ ጠንካራ ምልክት ቢሆኑም በዓይን ብቻ የሚታዩት በጥቂት ታካሚዎች ላይ ነው።

በዚያው ስላይድ ላይ ክሉ ሴል የሚባሉ ሕዋሳትም ይፈለጋሉ። እነዚህ ባክቴሪያ በብዛት ስለተለጠፈባቸው ጠርዛቸው የደበዘዘ የብልት ሽፋን ሕዋሳት ናቸው። አምሰልና ባልደረቦቹ በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጡት መስፈርት መሠረት ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ አለ የሚባለው ከአራቱ ምልክቶች ቢያንስ ሦስቱ ሲሟሉ ነው፦ ቀጭንና ወጥ የሆነ ግራጫ ነጭ ፈሳሽ፤ ከ4.5 በላይ የሆነ ፒኤች፤ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመር የሚወጣ የዓሣ ሽታ፤ ከብልት ሽፋን ሕዋሳት ቢያንስ 20 በመቶው ክሉ ሴል መሆናቸው። ሽታው የሚመጣው መፍትሔው ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያመነጯቸውን አሚኖች ወደ ጋዝነት ስለሚለውጣቸው ነው። በትሪኮሞኒያሲስም ሊወጣ ስለሚችል ሽታ ብቻውን ሁለቱን አይለይም። ለምርምር ሥራ የሚመረጠው መለኪያ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥቅም ላይ ያለው የኑጀንት ነጥብ ነው። ይህም በግራም ቀለም በተቀባ ስላይድ ላይ ባክቴሪያዎችን በዓይነታቸው ቆጥሮ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ከ7 ጀምሮ ያለው ነጥብ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስን ያመለክታል።

በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ስላይድ ላይ የሚፈለገው ፈንገስ ነው። ካንዲዳ አልቢካንስ ክር መሰል ቅርንጫፎችንና እምቡጥ የሚያወጡ ሕዋሳትን ያሳያል፤ ካንዲዳ ግላብራታ ግን ክር ስለማይሠራ በቀላሉ ይታለፋል። ውጤቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ሊያሳስት ይችላል። ምንም ምልክት ከሌላቸው ሴቶች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ካንዲዳን በብልታቸው ስለሚሸከሙ ፈንገሱ መገኘቱ ብቻ ሕክምና መጀመርን አያስገድድም። ማሳከክ፣ መቅላትና ማበጥ አብረው መታየት አለባቸው።

የሕክምናው ልዩነት

ለካንዲዲያሲስ 150 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል አንድ ጊዜ በአፍ መውሰድ ወይም ክሎትሪማዞልን በብልት ውስጥ መጠቀም ያልተወሳሰበ ሕመምን ይፈውሳል። በእርግዝና ጊዜ በአፍ የሚወሰደው መድኃኒት ተትቶ ለ7 ቀናት በብልት የሚገባው ይመረጣል። ምልክት የሌለውን የወሲብ ጓደኛ ማከም አያስፈልግም።

ባክቴሪያል ቫጂኖሲስም ሆነ ትሪኮሞኒያሲስ በሜትሮኒዳዞል ይታከማሉ፤ ሕክምናቸው አንድ ነው የሚለው አስተሳሰብ የመጣውም ከዚህ ነው። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀናት ያስፈልገዋል፤ የ2 ግራም አንድ ጊዜ መጠን ለእርሱ በቂ አይደለም። ለትሪኮሞኒያሲስ የ2 ግራም አንድ ጊዜ መጠን ለረጅም ዘመን የተለመደ ነበር። ሆኖም በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተካሄደ ሙከራ ይህን መጠን ከ7 ቀኑ ሕክምና ጋር ሲያነጻጽር ከአራት ሳምንት በኋላ ተሕዋሱ የተገኘባቸው ሴቶች 19 በመቶ በ11 በመቶ ሆነው ተገኙ። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2021 እ.ኤ.አ. መመሪያው የ7 ቀኑን ሕክምና ለሴቶች ቀዳሚ ምርጫ አድርጎታል፤ ለወንዶች ግን የ2 ግራሙ መጠን እንደቀጠለ ነው።

ትልቁ ልዩነት በወሲብ ጓደኛ ላይ ይታያል። በትሪኮሞኒያሲስ ጓደኛውን ሳያክሙ ሴቷን ብቻ ማከም በሽታው እንዲመለስ በር ይከፍታል፤ ወንዱ ምልክት ባያሳይም ተሕዋሱን ሊሸከም ይችላልና። በባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ጓደኛን ማከም እንደማይጠቅም ሲታመን ቆይቷል። በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ሙከራ ግን ይህን አመለካከት አናግቷል። ቋሚ ጥንዶች ባሉበት ጥናት ወንዱ በአፍ የሚወሰድ ሜትሮኒዳዞልና በብልቱ ቆዳ ላይ የሚቀባ ክሊንዳማይሲን ለ7 ቀናት ሲጠቀም በ12 ሳምንት ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው ሴቶች 35 በመቶ ነበሩ፤ ሴቶቹ ብቻ በታከሙበት ቡድን ግን 63 በመቶ ደርሷል።

ለማሳያ የቀረበ ሁኔታ

አንዲት የ28 ዓመት ሴት ለሦስት ሳምንት በዘለቀ ፈሳሽና ማሳከክ ምክንያት ከመድኃኒት ቤት ክሎትሪማዞል ሁለት ጊዜ ገዝታ ብትጠቀምም አልተሻላትም እንበል። በምርመራ ጊዜ ፈሳሹ ቀጭንና ነጭ ነው፤ አረፋም ሆነ አረንጓዴ ቀለም የለውም። በመልኩ ብቻ የሚፈርድ ባለሙያ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ከጎን ግድግዳ የተወሰደው ናሙና ፒኤች 5.5 ነው፤ ይህ ካንዲዲያሲስ ዋናው መንስኤ የመሆኑን ዕድል ያጠብባል፤ ክሎትሪማዞሉ ያልሠራበትንም ምክንያት ያሳያል። የሽታ ምርመራው አዎንታዊ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ በታየው የጨው ውሃ ስላይድ ላይ ከሕዋሳቱ ሲሶ የሚሆኑት ክሉ ሴሎች ናቸው፤ በመካከላቸውም የሚርገበገቡ ትሪኮሞናሶች ይታያሉ። በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ስላይድ ላይ ፈንገስ የለም።

እዚህ ላይ የአምሰል መስፈርት ተሟልቷል፤ ትሪኮሞኒያሲስም አብሮ አለ። ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀናት ሁለቱንም ይሸፍናል፤ የ2 ግራሙ መጠን ቢሰጥ ግን የባክቴሪያል ቫጂኖሲሱ ሕክምና ጎደሎ ይሆን ነበር። ባለቤቷ ምልክት ባይኖረውም 2 ግራም ሜትሮኒዳዞል ይወስዳል፤ ሁለቱም ሕክምናቸውን ጨርሰው ምልክቶቹ እስኪጠፉ ድረስ ከግንኙነት ይታቀባሉ። ትሪኮሞኒያሲስ በግንኙነት የሚተላለፍ በመሆኑ የኤችአይቪና የሌሎች አባላዘር በሽታዎች ምርመራ ይደረግላታል፤ ከሦስት ወር በኋላም ለትሪኮሞናስ እንደገና ትመረመራለች።

ማይክሮስኮፕ በሌለበት

ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ጤና ጣቢያዎች ሕክምናው የሚሰጠው በምልክት ላይ ተመሥርቶ ነው። ይህ አሠራር ታካሚዋ በዚያው ቀን ሕክምና እንድታገኝ ያስችላል፤ ሜትሮኒዳዞልም ሁለቱን የፒኤች ከፍታ ያላቸውን ሕመሞች ይሸፍናል። ጉድለቱ የሚታየው ከመድኃኒቱ በኋላ ባለው ውሳኔ ላይ ነው። ትሪኮሞናስ መኖሩ ካልታወቀ ጓደኛውን ለማከም ማስረጃ አይኖርም፤ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ብቻ ያለባት ሴት ደግሞ የአባላዘር በሽታ እንዳለባት ተነግሯት በትዳሯ ውስጥ ጥርጣሬ ሊገባ ይችላል። ከዚህም ሌላ ሦስቱም ምርመራዎች የማህፀን በርን የሚያጠቁትን ጨብጥና ክላሚዲያን አያገኙም፤ ከማህፀን በር የሚወጣ መግል ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ካለ ለእነርሱ የሚሆን ምርመራ ወይም ሕክምና ሊታከል ይገባል። ማይክሮስኮፕ በሌለበት የፒኤች ወረቀትና የሽታ ምርመራ ትሪኮሞኒያሲስን ከባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ባይለዩም፣ ማሳከክን ሁሉ ፈንገስ አድርጎ የመውሰድን ስሕተት ግን ይቀንሳሉ።