የክብር እንግዳው ሲገባ የሚነበበው ግጥም

በክልል ደረጃ በሚካሄዱ ጉባኤዎች ላይ የክብር እንግዳው የመክፈቻ ንግግር ከማድረጉ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ የእንኳን ደህና መጡ ግጥም ያነባል። ብዙ ጊዜ ግጥሙ እንግዳውን ከፀሐይና ከዋርካ ጋር እያመሳሰለ ያልፋል፤ ጉባኤው ስለምን እንደተጠራ ግን አንድ ቃል አይተነፍስም። ያው ግጥም ነገ ለሌላ ስብሰባ ቢነበብ ማንም ልብ አይልም። ጉድለቱም እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ግጥም የወል ቤት ይስማማዋል። በወል ቤት አንድ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም ይይዛል። ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ እንጂ በፊደል ብዛት አይደለም። «እንኳን ደህና መጡ» ሲጻፍ 9 ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን እን-ኳን-ደህ-ና-መ-ጡ፣ 6 ቀለም ይሆናል። ስለዚህ ሰላምታው ራሱ ሙሉ ሐረግ ነው፤ ገጣሚው የሚጨነቀው ለቀሪው ነው።

ባሕር ዳር ላይ ስለ ጣና ዓሣ ሀብት ጉባኤ ተጠራ እንበል። አንዳንዶቹ ዓሦች በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሲወጡ ወንዝ አፍ ላይ በመረብ ይያዛሉ፤ ስለዚህም ቁጥራቸው ይመናመናል። ግጥሙ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦

እንኳን ደህና መጡ ወደ ሐይቁ ጣና፣
ዓሣው እየሸሸ መረቡ ቀሏልና።

ቤቱ በ«ና» ይመታል። አንዱ «ና» የሐይቁ ስም መጨረሻ ነው፤ ሌላው ምክንያት አመልካች ነው። በዚህም እንግዳው የተጠራበት ጉዳይ ከሰላምታው ጋር ተያይዞ ይደርሰዋል። ሁለቱንም ስንኝ በ«ቤታችን» እና «መረባችን» ብንዘጋቸው ኖሮ ቤት የሚመታው ያው «-ኣችን» ብቻ በመሆኑ ግጥሙ ይደክም ነበር።

ትልቁ አደጋ የእንግዳው ስምና ማዕረግ ነው። ረጅም ማዕረግ ሐረጉን ይሰብራል። ከዚህም ይብሳል፤ ዋናው እንግዳ ሥራ ገጥሟቸው በመጨረሻ ሰዓት ተወካይ ቢልኩ ስማቸው ቤት የመታበት ግጥም እንዳለ ይወድቃል። ስምና ማዕረጉን ለመድረክ መሪው ትቶ በአክብሮት «መጡ» ማለት ይሻላል። «መጡ» ለወንድም ለሴትም ያገለግላል፤ ተወካይ ቢመጣም ስንኙ አይናጋም። እንግዶቹ ሁለት ሆነው «መጣችሁ» ከተባለ ግን ሐረጉ ከ6 ቀለም ያልፋል፤ ስንኙ እንደገና መጻፍ አለበት።

ርዝመቱ ከ12 እስከ 16 ስንኝ ቢሆን ይበቃል። ረጋ ብለው ሲያነቡት ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። ከመድረክ በፊት ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ግድ ነው፤ ምላስ የተሰናከለበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ቀለም የተረፈበት ወይም የጎደለበት ነው።

ጉባኤ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ግጥሙን በዋዜማው ማታ አትዘዙ። ለገጣሚው የጉባኤውን አጀንዳ ቀደም ብላችሁ ስጡት፤ ከእንግዳው ምን እንደምትፈልጉም ንገሩት።