«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ»

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ለአራት ዓመት የሠራች፣ በወር 9,000 ብር የሚከፈላት ሴት በምሳሌነት እንውሰድ። ጥቅምት ላይ ያለ ፈቃድ ሁለት ቀን ቀረች። ኅዳር ላይ አንድ ቀን፣ ጥር 16 እና 17 ደግሞ ሁለት ቀን ደገመች። አለቃዋ በቀረች ቁጥር ይቆጣታል፤ የጻፈላት ነገር ግን የለም። መጋቢት 10 ጠዋት በር ላይ ስትደርስ ጥበቃው «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ ተብሏል፤ አምስት ቀን ቀርተሻል» አላት። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው ቅሬታ «እንዴት ያለ ማስጠንቀቂያ ያባርሩኛል?» የሚል ነው። የእሷ ጠንካራ መከራከሪያ ግን እሱ አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ሠራተኛውን ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በዚያው ቀን ሊያሰናብት የሚችልባቸውን ምክንያቶች በአንቀጽ 27 ይዘረዝራል። ማጭበርበር፣ የድርጅቱን ንብረት ለራስ ጥቅም ማዋል፣ በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማስነሳት፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ንብረት ማበላሸት ከእነዚህ መካከል ናቸው። መቅረትም አለበት፤ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን የቀረ ሰው ሊሰናበት ይችላል። የቀድሞው አዋጅ 377/96 ቀኖቹ ተከታታይ እንዲሆኑ ይጠይቅ ነበር፤ አሁን ግን ተበታትነው ቢቆጠሩም ይበቃል። ስለዚህ ፋብሪካው ቀኖቹን በትክክል ቆጥሯል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር አምስት ቀን ሞልቷል።

ይሁን እንጂ ሕጉ ቀን ቆጥሮ ብቻ አላቆመም። ሠራተኛው ስለ መቅረቱ በጽሑፍ ተነግሮት እያለ በድጋሚ የቀረ መሆን አለበት። ሥራ ላይ ማርፈድም እንደዚሁ ነው፤ በስድስት ወር ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሰው ለማሰናበት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ መሰጠት አለበት። የቃል ቁጣ፣ የስልክ ወቀሳ፣ በስብሰባ ላይ ስም መጥራት ይህን ቦታ አይተካም። ይህ ለወጉ ያህል የተቀመጠ አይመስለኝም። ደብዳቤ የደረሰው ሰው ቀጣዩ መቅረት እንጀራውን እንደሚያሳጣው ያውቃል፤ በቃል ብቻ የተቆጡት ግን ነገሩ በዚያው ያለፈ ይመስለዋል። በእኛ ምሳሌ አንድም ደብዳቤ አልተጻፈም። ስንብቱም እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሌላም ጉድለት አለበት። አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት ይቀራል። የመጨረሻው መቅረት ጥር 17 ነበር፤ የመገኛ ሰሌዳውም በየቀኑ ይሞላል፤ ስለዚህ ፋብሪካው በዚያው ቀን አውቋል። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ድርጅት 30 የሥራ ቀኑን በአምስት ሳምንት ገደማ ይጨርሳል፤ መጋቢት 10 ላይ ጊዜው አልፏል። ጥፋትን መዝግቦ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥና አለቃው የተናደደ ዕለት ማውጣት በሕግ አይፈቀድም።

ሌላው ጥያቄ ጥበቃው በቃል የነገራት ነገር ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ በሚደረግ ስንብትም ቢሆን አሠሪው ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን የሚገልጽ ጽሑፍ መስጠት አለበት። ደብዳቤው ለሠራተኛው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ዛሬ «ቀርታለች» ያለ አሠሪ ነገ ችሎት ፊት «ሰርቃለች» ለማለት እንዲቸገር ያደርጋል። ደብዳቤ ያልተቀበለ ሠራተኛ የሚገጥመው አደጋም አለ። አሠሪው «እኛ አላባረርናትም፣ ራሷ ሥራዋን ጥላ ሄደች» ብሎ ሊከራከር፣ በር ላይ ተመልሳ የቀረችባቸውን ቀኖችም እንደ መቅረት ሊቆጥርባት ይችላል። ስለዚህ በማግሥቱ ከአንድ ሁለት ሰው ጋር ተመልሶ መሄድ፣ ለሥራ መቅረብን የሚገልጽ አጭር ማመልከቻ ለሰው ሀብት ክፍል ማስገባትና በቅጂው ላይ ማኅተም ወይም ፊርማ መቀበል ይጠቅማል። ከሁሉ የከፋው «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ መፈረም ነው። ብዙ ሠራተኛ የመጨረሻ ደመወዙን ወይም ክሊራንሱን ለማግኘት ብሎ ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ ተባረርኩ ብሎ ማስረዳት እጅግ ይከብዳል።

እንግዲህ ስንብቱ ሕገወጥ ከሆነ ምን ታገኛለች? የሥራ ክርክር የሚያየው ችሎት ወደ ሥራ እንድትመለስ ወይም ካሳ ተከፍሏት እንድትሰናበት ሊወስን ይችላል። የተባረረችው በሠራተኛ ማኅበር አባልነቷ፣ አቤቱታ በማቅረቧ፣ በእርግዝናዋ ወይም በሃይማኖቷ ቢሆን ኖሮ እሷ ራሷ ካሳ ይዞ መሄድን ካልመረጠች በቀር መመለሱ ግዴታ ይሆን ነበር። እንደሷ ባለ ጉዳይ ግን ዳኛው ሁለቱ ወገኖች አብረው መሥራት አይችሉም ብሎ ካመነ መመለስ ብትጠይቅም በካሳ ሊያሰናብታት ይችላል። ከተመለሰች በሥር ፍርድ ቤት የሚወሰንላት ውዝፍ ደመወዝ ከስድስት ወር አይበልጥም።

በካሳ ከተሰናበተች ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል። 9,000 ብር ለ30 ሲካፈል የቀን ደመወዟ 300 ብር ነው። ካሳው የዚህ 180 እጥፍ፣ ማለትም 54,000 ብር ነው። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ሁለት ወር ስለሆነ 18,000 ብር ይጨመራል። የሥራ ስንብት ክፍያዋ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፣ ማለትም 3,000 ሆኖ ሌላ 18,000 ብር ይመጣል። በድምሩ 90,000 ብር ነው። ያላረፈችበት የዓመት ዕረፍት ካለ ለብቻው ይታሰባል።

ፋብሪካው ከኅዳሩ መቅረት በኋላ ደብዳቤ ጽፎላት፣ በጥር መጨረሻ ላይም በጽሑፍ አሰናብቷት ቢሆን ኖሮ ከዚህ ሁሉ አንዱንም ባላገኘች ነበር፤ የሠራችበት ደመወዝና የዕረፍቷ ክፍያ ብቻ ይደርሳት ነበር። በሌላ በኩል አሠሪው በቂ ምክንያት ኖሮት፣ ለምሳሌ ሠራተኛ መቀነስ በእርግጥ አስፈልጎት፣ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ብቻ ቢዘል፣ የዚያን ጊዜ ደመወዝ ከሥራ ስንብት ክፍያ ጋር ይከፍላል እንጂ 54,000ው ካሳ አይጣልበትም። «ያለ ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቅሬታ ብቻውን ብዙ የማያስገኘው ለዚህ ነው። ክርክሩ የሚያተርፈው ምክንያቱን ሲመረምር ነው።

ጊዜው ግን አጭር ነው። ወደ ሥራ መመለስ የሚፈልግ ሰው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ክስ ካልመሠረተ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል፤ ለዚህች ሴት እስከ ሰኔ 10 ገደማ መሆኑ ነው። ከስንብቱ ለሚመነጨው የገንዘብ ጥያቄ ደግሞ ስድስት ወር አላት። እነዚህ ወራት የሚያልቁት አብዛኛውን ጊዜ በደጅ ጥናት ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ከጉዞ እስኪመለስ፣ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ፣ «እንነጋገርበታለን» የተባለው ቀን እስኪደርስ። አሠሪው የጠየቀችውን መብት በጽሑፍ ካላመነላት በቀር እንዲህ ያለው ለድርጅቱ ራሱ የሚቀርብ ልመና ይርጋውን አያቆመውም፤ የሚያቆመው ጉዳዩን ለመዳኘት ወይም ሕጉን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው አካል የቀረበ አቤቱታ ነው።