ጆሮው የኤልፍ፣ ፊቱ የራስ

ኦውልካት ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው «ፓዝፋይንደር፦ ራዝ ኦቭ ዘ ራይቸስ» የተሰኘ የኮምፒውተር ጌም ተጫዋቹ ጀግናውን ሲፈጥር የራሱን ሥዕል እንዲያስገባ ይፈቅድለታል። በምናባዊው ዓለም ሰይፍ ይዞ የሚዘምተው ባላባት ወይም ጆሮው የሾለው ኤልፍ የተጫዋቹን ፊት ይዞ መዞር ይችላል ማለት ነው። ድሮ እንዲህ ያለውን ሥዕል ለማግኘት ሠዓሊ መፈለግ ግድ ነበር። ስቴብል ዲፊውዥን የተባለው ሥዕል ፈጣሪ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ግን አንድ ሰልፊ ያለው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ይሞክረዋል። ብዙዎች ሞክረው የሚያገኙት ውብ ሥዕል ነው፤ የሌላ ሰው ሥዕል።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ሞዴሉ ፎቶውን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ያስፈልጋል። ፎቶውን ተቀብሎ እንደ ቴሌቪዥን ዝናብ ባለ ነጠብጣብ ያበላሸዋል፤ ከዚያ የጻፍንለትን መግለጫ እየተከተለ ነጠብጣቡን ያጠራና አዲስ ሥዕል ያወጣል። ምን ያህል እንደሚያበላሸው የሚወስነው በስክሪኑ ላይ Denoising strength ተብሎ የሚታየው ቁጥር ነው። ወደ 0 ሲጠጋ ፎቶው ምንም አይሆንም፤ ወደ 1 ሲጠጋ ከፎቶው የሚተርፍ ነገር የለም። የጠፋውን የሚሞላው ሞዴሉ ቀድሞ ካያቸው እጅግ ብዙ ሥዕሎች በለመደው ነው። ስለዚህ «ኤልፍ» ስንለው እሱ የለመደውን ኤልፍ ፊት ያመጣል።

አንዲት ወጣት እንውሰድ። ፊቷ ክብ፣ ቅንድቧ ወፍራም፣ ቆዳዋ ጠይም ነው፤ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ በግራ በኩል ትንሽ ጥቁር ነጥብ አላት። ቀስት የያዘች የጫካ ኤልፍ መሆን ትፈልጋለች። ቁጥሩን 0.75 ላይ ስታደርገው ልብሱም ጫካውም ያምራል፤ ፊቷ ግን ረዝሞ ቀጥኗል፣ ነጥቧም የለም። 0.3 ላይ ስታወርደው ፊቷ ይመለሳል፤ የለበሰችው ጃኬት ግን ጃኬት ሆኖ ይቀራል፣ ጆሮዋም አይሾልም። መሐል ላይ 0.5 ስትሞክር ልብሱም ፊቱም ግማሽ ግማሽ ይሆናል። ለፊቱም ለልብሱም የሚስማማ አንድ ቁጥር የለም። መፍትሔው ሁለቱን ለያይቶ መሥራት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰው ዓይን የሚታወቅ አንድ ነገር ይረዳናል። የማናውቀውን ሰው ለመለየት በፀጉሩና በፊቱ ዙሪያ ቅርጽ ብዙ እንመካለን። የምናውቀውን ሰው ግን ይበልጥ የምንለየው በፊቱ መሐል ባሉት በዓይኑ፣ በቅንድቡ፣ በአፍንጫውና በአፉ ነው። በተለይ ቅንድብ ከሚገመተው በላይ ዋጋ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት የታዋቂ ሰዎች ቅንድብ ከፎቷቸው ላይ ሲጠፋ ዓይናቸው ከጠፋበት ፎቶ ይልቅ ለመለየት አስቸጋሪ እንደሚሆኑ አሳይቷል። ስለዚህ ወጣቷ ፀጉሯን ብር ብታስመስለው፣ ጆሮዋን ብታሾለው ወዳጆቿ ያውቋታል። ቅንድቧ ከቀጠነ ግን ያጠፏታል።

ሥራው ከፎቶው ይጀምራል። ክንድ ዘርግቶ በቅርብ የተነሳ ሰልፊ ራሱ ፊትን ያዛባል፤ ለካሜራው የቀረበው አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ስሌት ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሳ አፍንጫ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ እንደሚታይ ገምቷል። ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቁሞ፣ ሰዓት ቆጣሪውን ሞልቶ፣ ከ1.5 ሜትር ገደማ በመስኮት ብርሃን መነሳት ይሻላል። የፊት ካሜራው ምስሉን እንደ መስታወት ገልብጦ አስቀምጦት እንደሆነም መታየት አለበት፤ አለዚያ የግራው ነጥብ ቀኝ ይሄዳል።

ቀጥሎ ወጣቷ ከፀጉሯ መነሻ እስከ አገጯ ያለውን ፊቷን ትከልልና የቀረውን ብቻ እንዲቀይር ታዘዋለች። ይህ ሥራ Inpaint በሚለው ክፍል ይሠራል። ፊቷ ስለማይነካ ቁጥሩን ሳትፈራ 0.8 ታደርገዋለች፤ አሁን ጆሮው፣ ካባው፣ ጫካው ሁሉ ይወጣል። የክልሉ ጠርዝ ጉንጭ ላይ ሳይሆን ፀጉር ላይ ቢያርፍ ስፌቱ ይደበቃል። በመግለጫው ላይ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ በፎቶው ላይ ካለው ጋር አስማምታ ትጽፋለች፤ ፊቷ ከግራ እየበራ ጫካው ከቀኝ ከበራ ፊቷ የተለጠፈ ይመስላል።

አሁን ያለው በቀለም ሥዕል መሐል የተቀመጠ ፎቶ ነው። ሁለቱን ለማዋሐድ ሥዕሉ በሙሉ እንደገና 0.3 ገደማ ላይ ያልፋል። በዚህ ዙር እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው InstantID ያግዛል። ይህ መሣሪያ ፊቷን ወደ ቁጥሮች ረድፍ ለውጦ፣ የሁለቱን ዓይኖች፣ የአፍንጫውንና የሁለቱን የአፍ ጫፎች ቦታ ይዞ፣ ሞዴሉ ከእነዚያ እንዳይርቅ ይጎትተዋል። ጉልበቱን ከመጠን በላይ ከጨመሩት ግን ፊቱ ይደርቃል። የከንፈር ነጥቡን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስለሚስተው፣ መጨረሻ ላይ በማንኛውም የሥዕል መተግበሪያ በእጅ መመለስ ይቀላል።

ለእኛ ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ሞዴሉ «ኤልፍ» ሲባል ወደ ነጭ ቆዳና ወደ ቀጭን አፍንጫ ያዘነብላል፤ የተማረባቸው ሥዕሎች እንዲህ ስለነበሩ ነው። ነገሩ የኤልፍ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ፐልስ የተባለ፣ የደበዘዘ ፎቶን አጥርቶ የሚያወጣ ፕሮግራም የባራክ ኦባማን ደብዛዛ ምስል ሲሰጡት የነጭ ሰው ፊት አውጥቶ ብዙ አነጋግሯል። ስለዚህ መግለጫው ላይ dark brown skin ብሎ በግልጽ መጻፍ፣ beautiful የመሳሰሉትን የማሞገሻ ቃላት ማውጣት ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላም የጉንጩን ቀለም ከዋናው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ማየት ይገባል፤ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እየነጣ ስለሚሄድ ዓይን ሳያስተውለው ያልፋል።

ጌሙ ሥዕሉን በሦስት መጠን ይፈልገዋል፤ Small.png፣ Medium.png እና Fulllength.png በሚሉ ስሞች። ትንሹ 185 በ242 ፒክስል ብቻ ነው። ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ የሚያየው ትንሹን ስለሆነ ፈተናውም በእሱ ይሁን። ሠሪው ራሱ ዳኛ አይሆንም፤ ሥዕሉን ሲያፈጥበት የዋለ ዓይን ሁሉንም ይለምደዋል። ለሚያውቃት ዘመድ ትንሹን ሥዕል አሳይቶ «እኔን ትመስላለች?» ሳይሆን «ይህች ማን ናት?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ከዘገየ፣ ዋናውን ፎቶ ግማሽ አሳላፊ አድርጎ ሥዕሉ ላይ መደረብ፣ መጀመሪያ ቅንድቡን፣ ከዚያ በዓይኖቹ መሐል ያለውን ርቀት ማየት።

ኤልፍ ከሁሉ ይቀላል፤ ለውጡ ከፊቱ መሐል ውጭ ነውና። ድዋርፍ ጢሙ አፍና አገጭ ስለሚሸፍን ከባድ ነው። ኦርክ አፍንጫውን ሲያሰፋና ጥርሱን ሲያወጣ ከሰውየው የሚተርፈው ዓይንና ቅንድብ ብቻ ነው፤ እሱን ሠርቶ ሰው እንዲለየው መጠበቅ ከንቱ ድካም ይመስለኛል።

የወዳጅዎን ፊት ይዘው ይህን ለመሥራት ካሰቡ ግን አስቀድመው ያስፈቅዱት፤ ፎቶውንም ለማያውቁት ድረ ገጽ ከመስጠት በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ይሥሩት።