ከ300 ዶላር ላይ ስንት ብር ይደርሳል?

አሜሪካ ተቀምጦ ለወላጆቹ ገንዘብ የሚልክ ሰው ስልኩን በከፈተ ቁጥር የሐዋላ ማስታወቂያ ይገጥመዋል። አንዱ «ያለ ምንም ክፍያ» ይላል፣ ሌላው «ከሁሉም የተሻለ ምንዛሪ»። የካርድ ቁጥር ከመስጠት በፊት ሁለት ነገር መጣራት አለበት፤ ድርጅቱ ፈቃድ አለው ወይ? ከምልከው ላይ ስንት ብር ይደርሳል?

ከፈቃዱ እንጀምር። በአሜሪካ ለገንዘብ አስተላላፊዎች ፈቃድ የሚሰጡት በዋናነት ክፍላተ ግዛቶቹ ናቸው። ስለዚህ በሜሪላንድ የተፈቀደለት ድርጅት በዚያው ፈቃድ ቨርጂኒያ ከሚኖር ሰው ገንዘብ መቀበል አይችልም። ብዙ ድረ ገጾች FinCEN በተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት እንደተመዘገቡ ይጽፋሉ። ምዝገባው ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ፈቃድም የጥራት ማረጋገጫም አይደለም። ይህን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይናገራል።

የድረ ገጹ የታችኛው ጫፍ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የድርጅቱ ሕጋዊ ስምና NMLS የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩን ማየት ብቻ አይበቃም፤ አጭበርባሪም የሌላውን ቁጥር ገልብጦ ሊለጥፍ ይችላል። www.nmlsconsumeraccess.org የሚለውን አድራሻ በገዛ እጅዎ ጽፈው ይግቡና ስሙን ወይም ቁጥሩን ይፈልጉ። መዝገቡ ነጻ ነው። በሚከፈተው ገጽ ላይ መጀመሪያ የተመዘገበውን የድረ ገጽ አድራሻ እርስዎ ከከፈቱት ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ፤ አስመስለው የሚሠሩት አንዲት ፊደል ወይም ሰረዝ ጨምረው ነው። ቀጥሎ የሚኖሩበት ክፍለ ግዛት የሰጠውን የገንዘብ ማስተላለፍ ፈቃድ ይፈልጉ። Authorized to Conduct Business በሚለው ዓምድ ሥር Yes ካላለ ይተዉት። Regulatory Actions በሚለው ክፍል ደግሞ ተቆጣጣሪዎች የወሰዱት እርምጃ ካለ ይታያል። አንዳንድ መተግበሪያዎች በሌላ ድርጅት ፈቃድ የሚሠሩ ናቸው። እንዲህ ሲሆን ባለ ፈቃዱን ድርጅት መዝገቡ ላይ ባለው ስልክ ደውሎ «ይህ የእናንተ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ወደ ሂሳቡ እንለፍ። በዚህ ላይ የሚታለለው ሰው ብዙ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ጉዳቱ በደረሰኝ ላይ ጎልቶ አለመታየቱ ነው። ለማስላት እንዲመች ምንዛሪውን በግምት እንውሰድ። ከኪስዎ የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ 300 ዶላር ነው። የመጀመሪያው ድርጅት ክፍያ የለውም፤ ዶላሩን በ150 ብር ይመነዝራል። ቤተሰብ ጋ 45,000 ብር ይደርሳል። ሁለተኛው 5 ዶላር ያስከፍላል፤ የሚመነዝረው ግን በ154 ነው። 295 ዶላሩ 45,430 ብር ይሆናል። ክፍያ የሚጠይቀው ድርጅት 430 ብር አብልጦ አደረሰ ማለት ነው። የመጀመሪያው ትርፉን የቆረጠው ከምንዛሪው ላይ ነበር።

ስለዚህ የሚነጻጸረው የመጨረሻው የብር መጠን ነው። የፌዴራሉ ሕግ አስተላላፊው ይህን ቁጥር ከመክፈልዎ በፊት እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ ገጹ ላይ Total to Recipient ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱን ድረ ገጾች በተመሳሳይ ሰዓት ይክፈቱ፤ አከፋፈሉንም አቀባበሉንም አንድ ዓይነት ያድርጉ። ወደ ባንክ ሂሳብ ሲገባና በጥሬ ገንዘብ ሲወሰድ ምንዛሪው ሊለያይ ይችላል። በክሬዲት ካርድ ሲከፈል ደግሞ ካርዱን የሰጠው ባንክ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ቆጥሮ የራሱን ክፍያና ወለድ ሊጨምር ይችላል፤ ይህ በሐዋላው ድረ ገጽ ላይ አይታይም። ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠው ማራኪ ምንዛሪ ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያው ዙር ብቻ ስለሆነ በሁለተኛው ወር እንደገና ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ምንዛሪው ተገቢ መሆኑን ለማወቅ የኢትዮጵያ ባንኮችን የዕለቱን የመግዣ ዋጋ ማየት ይጠቅማል። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪውን ለገበያ ስለለቀቀ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ያወጣል፤ ልዩነትም አለው። አንድ ድረ ገጽ ከሁሉም ባንኮች እጅግ የራቀ ዋጋ ካቀረበ ገንዘቡ በጥቁር ገበያ እየዞረ ይሆናል። ያ ገንዘብ መንገድ ላይ ቢቀር አቤት የሚባልበት ቦታ የለም።

ሕጋዊው መንገድ ግን መብት ይሰጣል። ከከፈሉ በኋላ ባሉት 30 ደቂቃዎች ውስጥ፣ ገንዘቡ ገና ካልተወሰደ ወይም ሂሳብ ውስጥ ካልገባ፣ ሰርዘው ክፍያውን ጨምሮ ሙሉውን ማስመለስ ይችላሉ። ስህተት ከተፈጠረ ደግሞ ይደርሳል ከተባለበት ቀን አንሥቶ እስከ 180 ቀን ድረስ ለድርጅቱ ማሳወቅ ይቻላል። አቤቱታው መነሻ የሚያደርገው በደረሰኙ ላይ የተጻፈውን የብር መጠንና ቀን ስለሆነ፣ ቤተሰብ ደውሎ የደረሰውን ልክ እስኪያረጋግጥ ደረሰኙን ከስልክዎ አያጥፉ።