ለፊታውራሪ መሸሻ ማን ያለቅሳል?

“ፍቅር እስከ መቃብር” ትራጀዲ ነው ቢባል የሚከራከር ሰው ብዙ አይገኝም። በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ጀምሮ አንባቢን አስለቅሷል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ማንበብ የማይችለውንም አስለቅሷል። ይሁን እንጂ ዋናዎቹ ሰዎች ስለሞቱ ብቻ አንድ ድርሰት ትራጀዲ አይሆንም። እንዲያ ቢሆን የዕድር መዝገብም ትራጀዲ በሆነ ነበር። ድርሰቱ የትራጀዲን ልማድ ተከተለ ወይስ አፈረሰ ብሎ ለመከራከር፣ አስቀድሞ ልማዱ በአንባቢው ልብ ውስጥ ምን ዓይነት ግምት እንደሚያሳድር ማወቅ ያስፈልጋል።

ልማዱን ቀድሞ የመዘገበው ግሪካዊው አርስጣጣሊስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ይህ ፈላስፋ፣ የትራጀዲ ጀግና ስመ ጥርና ባለጸጋ ከሆነ ወገን መወለድ አለበት ይላል። የሚወድቀውም ክፉ ስለሆነ ሳይሆን በአንድ ከባድ ስሕተት ነው። ዋና ምሳሌው የሶፎክልስ ንጉሥ ኤዲፐስ ነው። ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ ኤዲፐስን ከስጋት ላሳርፈው ብሎ የተናገረው ቃል፣ ንጉሡ አባቱን ገድሎ እናቱን ማግባቱን የሚያጋልጥ ሆኖ ተገኘ። ውድቀቱ ከራሱ ከታሪኩ ውስጥ ስለተወለደ ተመልካቹ እንደ ድንገተኛ አደጋ አያየውም።

በዚህ ዓይን ስናየው የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ልማዱን አክባሪ ይመስላል። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ በሕይወት እንዲቆይላቸው ለቤተ ክርስቲያን ተስለው ሰጡት። ኤዲፐስ ሳይወለድ ትንቢት እንደ ጠበቀው ሁሉ፣ በዛብህንም ራሱ ያልገባው ስእለት አሰረው። ስለዚህ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር በፍቅር ሲወድቅ፣ አንባቢው ስእለቱ ዕዳውን የሚያስከፍልበትን ቀን ይጠብቃል።

ልማዱን ከሚያፈርሰው ነገር የመጀመሪያው የፊታውራሪ መሸሻ ነገር ነው። በአርስጣጣሊስ መለኪያ ቢሄድ ኖሮ የትራጀዲው ጀግና እሳቸው መሆን ነበረባቸው። ትውልዳቸው ከፍ ያለ ነው፣ ኩራታቸውም ልክ የለውም፤ ለልጃቸው የሚመጥን ባል እስኪጠፋ ድረስ የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ተጨማሪ ግብር አንሰጥም ባሉ ባላገሮች ላይ ዘምተው የተማረኩትም በዚሁ ኩራት ነው። ስሕተትና ውድቀት ከዚህ በላይ ተያይዞ አይገኝም። ሆኖም ሐዲስ ይህን የጻፉት እንድንስቅበት ነው። ለጌታው የተመደበውን የትራጀዲ ወንበር ነጥቀው ለባላገሩ ልጅ ሰጡት፤ ለጌታው የተረፈው ኮሜዲ ነው። ይህ ከባድ የልማድ መገልበጥ ነው ባይ ነኝ። ልማዱ በመጽሐፉ ውስጥ ቢጎድል ኖሮ ምንም ባላልኩ ነበር፤ እዚህ ግን መጽሐፉ ጀግናውን በሙሉ ትጥቁ አቅርቦ ነው ማዕረጉን የገፈፈው።

ተቃዋሚ ግን አጥብቆ የሚይዘው ነጥብ አለው። በዛብህን የገደሉት ሽፍቶች ናቸው። መንገድ ላይ የተገኙ ሽፍቶች ስሕተት ቅጣትን እንደሚያመጣ ከታሪኩ አልተወለዱም፤ አጋጣሚ ናቸው። ታዲያ መጽሐፉ ልማዱን አፈረሰ ከማለት ትራጀዲነቱ ደካማ ነው ማለት አይቀልም?

እዚህ ላይ አርስጣጣሊስ ራሱ ይረዳናል። በአርጎስ ከተማ የሚጢስ ሐውልት ሚጢስን በገደለው ሰው ላይ ወድቆ እንደገደለው ይነግረናል። አጋጣሚ ቢሆንም ሆን ተብሎ የተደረገ ስለሚመስል ያስደንቃል ይላል። የበዛብህ ሞት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጉዳዩ ይጠራል። ሽፍቶቹን ያመጣቸው አጋጣሚ ይሁን፤ በዛብህን ከሰብለ ወንጌል አርቆ ለዚያ መንገድ የዳረገው ግን ባላገር ከጌታ ልጅ ጋር አይጋባም የሚለው ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት ጉዱ ካሣ ገና ከጅምሩ ሲያወግዘው፣ ሰሚዎቹ እንደ እብድ ቆጥረውታል። በኤዲፐስ ታሪክም እውነቱን ቀድሞ የተናገረው ዕውሩ ጢሬስያስ የሰማው የለም። ልዩነቱ ጢሬስያስ የአማልክትን ፈቃድ ሲናገር፣ ጉዱ ካሣ የሚናገረው ሰው ስለሠራውና ሰው ሊያፈርሰው ስለሚችለው ልማድ መሆኑ ነው።

በእርግጥ ስእለቱን አጥብቆ የሚያነብ ሰው፣ በዛብህ የሞተው የእግዚአብሔርን ዕዳ ስላጠፋ ነው ሊል ይችላል። መጽሐፉ ይህን በር ጨርሶ አልዘጋውም። ነገር ግን እንዲህ የሚል አንባቢ ጉዱ ካሣ ለምን ያን ያህል ገጽ እንደተሰጠው ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ እኔ እስካሁን ያሳመነኝ ማስረጃ አላገኘሁም። በእኔ ፍርድ ሐዲስ የትራጀዲውን ቅርጽ ከነስእለቱና ከነነቢዩ ወስደው፣ ጥፋተኛውን ከሰማይ ወደ ምድር አውርደውታል።