አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ዋቢ

የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ ሳይጠቅስ ስለ 19ኛውና ስለ 20ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ የሚጽፍ ተማሪ ጥቂት ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን በመጀመሪያ የወጣው በ1991 ነው። በዚያ እትም ርዕሱ ላይ የሰፈረው ዘመን ከ1855 እስከ 1974 ነበር፤ ከዐፄ ቴዎድሮስ ንግሥ ተነሥቶ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን እስከ ወረዱበት ዓመት ማለት ነው። ሁለተኛው እትም በ2001 ወጣ። ደራሲው ስለ አብዮቱና ስላስከተለው አንድ ምዕራፍ ጨምረውበት የርዕሱ ዘመን እስከ 1991 ተዘረጋ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

እነዚህ ሁለት እትሞች በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ዋቢ ዝርዝር ላይ ተራርቀው ሲቀመጡ ይታያል። አንዱ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ «ቢ» ሥር፣ «ባሕሩ ዘውዴ (1991)» ተብሎ፤ ሌላው በመጨረሻው ገጽ «ዜድ» ሥር፣ «ዘውዴ፣ ባ. (2001)» ተብሎ። በርዕሳቸው ያለው ዘመን ይለያያል፣ የታተሙበት ዓመት ይለያያል፣ የደራሲው ስም አጻጻፍም ይለያያል። ዝርዝሩን በዓይኑ የሚያልፍ ሰው የሁለት ሰዎች ሁለት መጻሕፍት ናቸው ቢል አይፈረድበትም።

የስሙ መንስኤ የታወቀ ነው። የውጭ አገር መጻሕፍትን መረጃ የሚያቀርቡ የመረጃ ቋቶች የደራሲውን ሁለተኛ ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ያስቀድማሉ። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ስም ስለሆነ ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም ይመዘገባል፤ «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካ»ም «ጆርናል ኦቭ ኢትዮጵያን ስተዲስ»ም የሚከተሉት ይህንኑ ነው። ተማሪው አንዱን ዋቢ ከቤተ መጻሕፍት ቅጂ በእጁ ገልብጦ፣ ሌላውን ከኢንተርኔት ሲያወርድ፣ ሁለቱ ልማዶች ጽሑፉ ውስጥ ጎን ለጎን ይገባሉ።

ጉዳቱ የዝርዝሩን መልክ ከማበላሸት ያልፋል። በጽሑፉ መሐል አንድ አከራካሪ ነጥብ ተነሥቶ በቅንፍ «(ባሕሩ 1991፤ ዘውዴ 2001)» ተብሎ ሲደገፍ አንባቢ የሚረዳው ሁለት ተመራማሪዎች፣ በአሥር ዓመት ልዩነት፣ እየየራሳቸው አንድ መደምደሚያ ላይ እንደ ደረሱ ነው። የተናገረው ግን አንድ ሰው ነው፤ አንድን ምስክር ሁለት ጊዜ ጠርቶ ሁለት ምስክር አቀረብሁ እንደ ማለት ነው። ፈታኙ መጽሐፉን የማያውቅ ከሆነ ነጥቡ በሌለው ማስረጃ ጸንቶ ያልፋል። እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ተማሪው ራሱ ሳያውቀው ይፈጽመዋል።

ማጣቀሻ የሚያደራጁ ሶፍትዌሮች ይህን ያርሙልኛል ብሎ መተማመን አይቻልም። በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ የሆነው ዞቴሮ ድግግሞሽ የሚፈልገው ርዕስን፣ የመጽሐፍ መለያ ቁጥርን (አይኤስቢኤን)፣ የታተመበትን ዓመትና የደራሲውን ስም እያነጻጸረ ነው። ዓመቱ ከአንድ በላይ ከተራራቀ ሁለቱን አንድ ናቸው አይልም። በእኛ ምሳሌ ርዕሱ በከፊል ተለውጧል፣ ዓመቱ በአሥር ተራርቋል፣ እያንዳንዱ እትምም የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ሶፍትዌሩ ዝም ማለቱ ከተሠራበት ደንብ አንጻር ስሕተት አይደለም፤ ሁለት እትም በእርግጥ ሁለት የተለያየ ኅትመት ነውና። የትኛው ይቅር የሚለውን የሚወስነው ጸሐፊው ነው።

ታዲያ የትኛው ይቅር? ብዙ አማካሪዎች «አዲሱን ተጠቀም» ይላሉ፤ በደፈናው ምክሩ ደግ ነው። አዲሱ እትም የደራሲው የቅርብ ቃል ነው፣ አንባቢም በቀላሉ የሚያገኘው እርሱን ነው። ችግሩ ተማሪው ምክሩን የሚፈጽምበት መንገድ ነው። የ1991ን ዋቢ ከዝርዝሩ ይሰርዛል፣ ወይም ሶፍትዌሩ ላይ ሁለቱን ያዋሕዳል፤ በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ በአንድ ጊዜ 2001 ይሆናል። የገጽ ቁጥሩ ግን አይነካም፤ ከአሮጌው መጽሐፍ የተወሰደው ገጽ ከአዲሱ መጽሐፍ ዓመት አጠገብ ይቀመጣል። ዋቢውን ተከትሎ መጽሐፉን የገለጠ ሰው በዚያ ገጽ ሌላ ነገር ሊያገኝ ይችላል። ከውሕደቱ በፊት ዝርዝሩ የተደጋገመ ነበር፣ ማስረጃው ግን ትክክል ነበር፤ ከውሕደቱ በኋላ ዝርዝሩ ጸድቶ ማስረጃው ተበላሸ።

ሥራው በተግባር እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዲት ተማሪ ስለ መሬት ይዞታ እየጻፈች ነው እንበል። ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን የሚያወራውን ምዕራፍ ስትጽፍ የቤተ መጻሕፍቱን የ1991 ቅጂ ተጠቅማ አምስት ቦታ ጠቅሳለች። ስለ ደርግ ዘመን የሚያወራውን ስትጽፍ ደግሞ የ2001ን እትም ገዝታ ሦስት ቦታ ጠቅሳለች። የኋለኞቹ ሦስቱ ወደ 1991 እትም ሊዛወሩ አይችሉም፤ አብዮቱንና ያስከተለውን የሚተርከው ምዕራፍ እዚያ የለም። ስለዚህ አንድ እትም ብቻ ይቅር ከተባለ የሚቀረው የ2001 ነው፤ መዛወር ያለባቸውም አምስቱ ናቸው።

ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ትዘረጋለች። የመጀመሪያውን ጥቅስ ከአሮጌው ላይ ታገኛለች፤ ከየትኛው ምዕራፍና ከየትኛው ንዑስ ርዕስ ሥር እንደሆነ ትመዘግባለች። ያንኑ ምዕራፍ በአዲሱ ትከፍትና ዐረፍተ ነገሩን ትፈልጋለች። ስታገኘው ሁለት ነገር ታያለች፤ ገጹ ስንት እንደሆነና ቃሉ እንዳለ መሆኑን። ቃሉ ካልተለወጠ አዲሱን ገጽ ጽፋ ታልፋለች። ቃሉ ተለውጦ ካገኘችው ግን ቆም ማለት አለባት፤ ደራሲው ሐሳባቸውን አስተካክለው ሊሆን ይችላልና የእርሷም ዐረፍተ ነገር አብሮ መስተካከል ይኖርበታል። አምስት ጥቅስ ማዛወር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ነው የ1991 ዋቢ የሚሰረዘው፤ መጀመሪያ ተሰርዞ ኋላ ማዛወር አይሆንም፣ የትኛው ጥቅስ ከየትኛው መጽሐፍ እንደ መጣ የሚለየው ምልክት ዓመቱ ነበረና። በመጨረሻም «ዘውዴ» የሚለውን ቃል በሰነዱ ውስጥ ፈልጋ ብቻውን የቀረ ካለ ወደ «ባሕሩ» ትመልሳለች። ዞቴሮ የምትጠቀም ከሆነ የደራሲውን ስም በሁለት ሳጥን ከመክፈል በአንድ ሳጥን «ባሕሩ ዘውዴ» ብላ መሙላት ትችላለች፤ ያን ጊዜ ሶፍትዌሩ ስሙን አይገለብጠውም።

አሮጌው ቅጂ ከእጇ ወጥቶ ቢሆንስ? ጥቅሱን በአዲሱ እትም ውስጥ ካገኘችው አሮጌው አያስፈልጋትም። ካላገኘችው ግን በግምት ገጽ መጻፍ የለባትም፤ ያ ጥቅስ በ1991 እትም ስም ይቆይና ዝርዝሩም ሁለቱን ይያዝ። ሁለቱም በ«ባሕሩ ዘውዴ» ሥር፣ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ከተቀመጡና የኋለኛው «2ኛ እትም» ከተባለ ማንም አይሳሳትም።

የእጁን ቅጂ እትም የማያውቅ ተማሪም ብዙ ነው። በአገራችን መጽሐፍ የሚነበበው በፎቶኮፒ ወይም ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ ፋይል በመሆኑ፣ መጀመሪያ የሚቀረው የርዕሱ ገጽና የኅትመት መረጃ ያለበት ጀርባው ነው። ለዚህ መጽሐፍ ግን መለያው ቀላል ነው፤ ማውጫው ይታይ። አምስተኛው ምዕራፍ ከነጻነት እስከ አብዮት ያለውን ዘመን የያዘ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ስለ አብዮቱ ስድስተኛ ምዕራፍ ካለ በእጅ ያለው ሁለተኛው እትም ነው፤ ከአምስተኛው ቀጥሎ መደምደሚያው ከመጣ የመጀመሪያው ነው። በዚሁ መንገድ የሌላውን ሰው ጽሑፍ መመርመርም ይቻላል። ስለ ቀይ ሽብር ዝርዝር ነገር ተጽፎ ዋቢው «1991» ከተባለ፣ ወይ ዓመቱ ተሳስቷል፣ ወይ ጸሐፊው መጽሐፉን አልገለጠውም።

አሮጌው እትም ሆን ተብሎ መቀመጥ ያለበት ጊዜም አለ። አንድ ሰው የኢትዮጵያ ታሪክ አጻጻፍ እንዴት እንደ ተለወጠ የሚያጠና ከሆነ፣ ደርግ በወደቀበት ዓመት የወጣው መጽሐፍ በ1974 መቆሙ ራሱ ማስረጃው ነው፤ ዋቢውን ወደ 2001 ቢለውጠው ክርክሩ ይፈርሳል። የሁለቱን ልዩነት የሚያነጻጽር ከሆነ ደግሞ ሁለቱም የግድ ናቸው። ለሌላው ሁሉ፣ አንድ እትም ይዞ የመጀመሪያውን ዓመት በማዕዘን ቅንፍ መጨመር ይበቃል፤ «2001 [1991]» ተብሎ ሲጻፍ ገጾቹ ከየትኛው እንደ ተወሰዱም፣ ሐሳቡ መቼ በመጀመሪያ እንደ ታተመም ባንድ ላይ ይታያል።

የመጽሐፉ የአማርኛ ቅጂ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። በአማርኛ የወጣው መጽሐፍ ርዕሱም ዘመኑን የሚቆጥረው በእኛ አቆጣጠር፣ ከ1847 እስከ 1983 ነው። ገጾቹ ከእንግሊዝኛው ጋር አይገናኙም፤ ያነበበው ሰው በራሱ ዋቢ ይጥቀሰው እንጂ ከሌሎቹ ጋር አያዋሕደው።

ይህ የአቆጣጠር ነገር በአማርኛ መጻሕፍት ላይ የተገላቢጦሹን ስሕተትም ያመጣል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በመጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። አንዱ 1958፣ ሌላው ወደ አውሮፓ ለውጦ 1966 ብሎ ሲጽፍ አንዱ ኅትመት ሁለት እትም ይመስላል። እዚህ ላይ የሚዛወር ገጽ የለም፤ አንዱን ዋቢ ሰርዞ ዓመቱን «1958 ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ ነው።

አማካሪ ለሆናችሁ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪው የጽሑፉን ረቂቅ ሲያመጣ፣ ደጋግሞ የጠቀሳቸውን መጻሕፍት የርዕስ ገጽና ማውጫ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ አብሮ እንዲያመጣ ጠይቁት። ድግግሞሹ ገና በረቂቁ ላይ ሳለ፣ መጽሐፉም ገና ከተማሪው እጅ ሳይወጣ ይገኛል።